ተውላጠ ስሙ የማን ነው? ፍሬዛል ቨርብ በ«ባዶ ቦታውን ሙላ» ጥያቄ ውስጥ

እንግሊዝኛ የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ዓይነት መልመጃ ያውቀዋል። ከላይ በሣጥን ውስጥ ጥቂት ግሶች ተደርድረዋል፤ ከሥር ባዶ ቦታ ያለባቸው ዓረፍተ ነገሮች ተጽፈዋል። ትእዛዙ «ተስማሚውን ፍሬዛል ቨርብ በትክክለኛው ጊዜ፣ ካስፈለገም ከተውላጠ ስም ጋር አስገባ» ይላል። አንዱን እንውሰድ፦ «ዘ ራዲዮ ወዝ ቱ ላውድ፣ ሶ አይ ____»። ራዲዮው በጣም ስለጮኸ ተናጋሪው ምን አደረገ? ተማሪው ከሣጥኑ «ተርን ኦፍ»ን ይመርጣል። ማጥፋት ማለት እንደሆነ ያውቃል፣ ምርጫውም ልክ ነው። ከዚያ ግን «ተርን ኦፍድ ኢት» ወይም «ተርንድ ኦፍ ኢት» ብሎ ይጽፍና ነጥቡን ያጣል። መልሱ «ተርንድ ኢት ኦፍ» ነበር።

ይህ የቃላት እውቀት ማነስ አይደለም። ተማሪው ቃሉን ያውቃል፣ ድርጊቱ ያለፈ መሆኑንም ያውቃል፣ ለራዲዮ «ኢት» እንደሚባልም ያውቃል። የሳተው ቦታውን ብቻ ነው። የጊዜው ምልክት የት እንደሚለጠፍና ተውላጠ ስሙ የት እንደሚገባ አልለየም። ሁለቱ ስህተቶች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ ተማሪው «ተርን ኦፍ»ን እንደ አንድ ያልተከፈለ ቃል አድርጎ መያዙ ነው። በቃሉ ሲያጠናው «ተርን ኦፍ፣ ማጥፋት» ብሎ ስላጠናው፣ የሚጨምረውን ሁሉ ከጥንዱ መጨረሻ ላይ ይቀጥላል።

ጥንዱና ባለቤቱ

ፍሬዛል ቨርብ የሚባለው አንድ ግስ ከአንድ ወይም ከሁለት ትንንሽ ቃላት ጋር ተጣምሮ እንደ አንድ ግስ ሲሠራ ነው። «ጊቭ» መስጠት ነው፣ «አፕ» ወደ ላይ ነው፤ «ጊቭ አፕ» ግን ተስፋ መቁረጥ ወይም አንድን ነገር መተው ነው። ስያሜውን ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀ ሲሆን፣ ቃሉን ያገኘው ከኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች አንዱ ከነበረው ከሄንሪ ብራድሊ መሆኑን ገልጿል። ስያሜው ዘመናዊ ይሁን እንጂ አነጋገሩ ራሱ በእንግሊዝኛ ውስጥ እጅግ የቆየ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። «ብድግ አደረገው» የሚለውን እንመልከት። «ብድግ» ብቻውን አይረባም፣ በጊዜም አይለወጥም። የሚለወጠው «አደረገ» ነው፦ ብድግ ያደርገዋል፣ ብድግ አድርጎታል፣ ብድግ አድርገው። ተሳቢውን የሚያመለክተው «ው»ም የሚለጠፈው በ«አደረገ» ላይ ነው። «ብድግው አደረገ» የሚል ሰው የለም። እንግሊዝኛውም በዚሁ ሕግ ይሄዳል። ማንሳት የሚለው «ፒክ አፕ» ሲሆን፣ «አነሣው» ለማለት «ፒክት ኢት አፕ» ይባላል። ጊዜውን የተሸከመው ግሱ «ፒክ» ነው፤ «ኢት»ም የተጠጋው ወደ ግሱ ነው፤ «አፕ» ሳይነካ ቀርቷል።

ልዩነቱ የቅደም ተከተል ነው። አማርኛ የማይለወጠውን ቃል አስቀድሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ያደርጋል፤ እንግሊዝኛ ግሱን አስቀድሞ የማይለወጠውን ቃል ያስከትላል። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚገኝ፣ «ከግሱ ላይ ለጥፍ» ማለትና «ከመጨረሻው ላይ ለጥፍ» ማለት አንድ ውጤት ይሰጣሉ። በእንግሊዝኛ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። የሁለተኛውን ልማድ የተከተለ ተማሪ «ፒክ አፕድ» ወይም «ፒክት አፕ ኢት» ላይ ይወድቃል። የመጀመሪያውን የተከተለ ግን አይሳሳትም፤ ጊዜውም ተውላጠ ስሙም ወደ ግሱ እንደሚሄዱ ያውቃልና።

እንግሊዝኛው ለምን እንዲህ እንደሚያደርግም ምክንያት አለው። ቋንቋው አዲሱን ወሬ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ መግፋት ይወዳል፤ ድምፅም የሚጠነክረው በአብዛኛው እዚያ ነው። «ኢት» ወይም «ዜም» የሚባለው ነገር ደግሞ ቀድሞ የተነሣና አድማጩ የሚያውቀው ነው። ስለዚህ ተውላጠ ስሙ ድምፁ ቀለል ብሎ መሐል ይገባና የመጨረሻውን ቦታ ለ«ኦፍ» ወይም ለ«አፕ» ይለቃል። ተሳቢው ስም ሲሆን ግን ሁለቱም ይቻላል፦ «ተርን ኦፍ ዘ ራዲዮ»ም «ተርን ዘ ራዲዮ ኦፍ»ም ትክክል ናቸው። ስሙ ረዥም ከሆነ፣ ለምሳሌ «እህቴ ባለፈው ዓመት የገዛችው ራዲዮ» የሚል ሐረግ ከሆነ፣ ከጥንዱ በኋላ ቢመጣ ይሻላል፤ አለበለዚያ «ኦፍ» ከግሱ በጣም ርቆ ይቀራል።

የማይገባበት ጥንድ

ደንቡ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራው ቀላል ነበር። ሆኖም «ሉክ አፍተር» የሚለውን፣ መንከባከብ ማለት ነው፣ በዚያው መንገድ «ሉክ ኸር አፍተር» ብንለው ስህተት ነው። ትክክሉ «ሉክ አፍተር ኸር» ነው። እዚህ ተውላጠ ስሙ የግሱ ሳይሆን የ«አፍተር» ነው፤ «አፍተር» መስተዋድድ ነውና። በአማርኛም መስተዋድድ የራሱን ተውላጠ ስም ከኋላው ያስከትላል፤ «ወደ እሷ»፣ «ስለ እሱ»፣ «ከእነሱ» እንላለን እንጂ አንገለብጠውም። «ሉክ አት ሂም» ማለት «ወደ እሱ ተመልከት» ነው ብሎ የያዘ ሰው፣ ሂም ለምን ከ«አት» በኋላ እንደመጣ አይጠፋውም።

እንግዲህ በእያንዳንዱ ባዶ ቦታ ፊት የሚነሣው ጥያቄ «ተውላጠ ስሙ የማን ነው?» የሚል ነው። የግሱ ከሆነ መሐል ይገባል፤ የመስተዋድዱ ከሆነ መጨረሻ ይቀመጣል። ይህን ለመለየት ብዙ ጊዜ ትንሿን ቃል ማየት ይበቃል። «አዌይ» እና «ባክ» ተውሳከ ግስ እንጂ መስተዋድድ ሆነው ስም አያስከትሉም፤ ስለዚህ ተውላጠ ስሙ ከእነሱ በፊት ይገባል፦ «ስሮው ኢት አዌይ» ጣለው፣ «ጊቭ ዜም ባክ» መልሳቸው። በአንጻሩ «አት»፣ «ፎር»፣ «ኢንቱ»፣ «ኦቭ»፣ «ዊዝ» ሁልጊዜ መስተዋድድ ናቸው፤ ተውላጠ ስሙን ከኋላቸው ይይዙታል፦ «ሉክ ፎር ኢት» ፈልገው። ባለ ሦስት ቃል ጥንዶችም በዚሁ ይፈታሉ። «ፑት አፕ ዊዝ» መታገሥ፣ «ረን አውት ኦቭ» አልቆ ማጣት፣ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» በጉጉት መጠበቅ፣ ሦስቱም የሚያበቁት በመስተዋድድ ስለሆነ ተውላጠ ስማቸው ከሁሉም በኋላ ነው።

የሚያስቸግሩት ሁለት ፊት ያላቸው ናቸው፦ «አፕ»፣ «ዳውን»፣ «ኦን»፣ «ኦፍ»፣ «ኢን»፣ «ኦቨር»። አንዳንዴ ተውሳከ ግስ፣ አንዳንዴ መስተዋድድ ይሆናሉ። የእንግሊዝኛ ሰዋስው መምህራን የሚወዷት ምሳሌ አለች። «ሺ ራን አፕ ኤ ሂል» ማለት ኮረብታ ሮጣ ወጣች ነው፤ «ሺ ራን አፕ ኤ ቢል» ማለት ግን ብዙ ሂሳብ አጠራቀመች፣ ዕዳ ከመረች ነው። ከላይ ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ። ስሙን በ«ኢት» ስንተካው ግን ይለያሉ። ኮረብታው «ሺ ራን አፕ ኢት» ይሆናል፣ «አፕ» የሩጫዋን አቅጣጫ ከኮረብታው ጋር የሚያያይዝ መስተዋድድ ነውና። ሂሳቡ «ሺ ራን ኢት አፕ» ይሆናል፣ «አፕ» ከ«ራን» ጋር ተዋሕዶ አዲስ ትርጉም ፈጥሯልና። ትርጉም ግን ሁልጊዜ አያድንም። ከሕመም መዳን ወይም ከሐዘን መጽናናት የሚለው «ጌት ኦቨር» አዲስ ትርጉም እያለውም «ጌት ኦቨር ኢት» ነው የሚባለው፤ መወያየት የሚለው «ቶክ ኦቨር» ደግሞ «ቶክ ኢት ኦቨር» ነው። እንዲህ ያሉትን እየለዩ መያዝ ግድ ነው።

ጆሮም ይረዳል። «ተርን ኢት ኦፍ» ሲባል ድምፁ የሚጠነክረው «ኦፍ» ላይ ነው፤ «ሉክ አት ኢት» ሲባል ግን «ሉክ» ላይ ነው፣ «አት» ሳይሰማ ያልፋል። ዜና ወይም ፊልም ሲሰሙ ይህን ያስተዋሉ ተማሪዎች ጥንዱን ከነዜማው ስለሚይዙት መልሱ በቀላሉ ይመጣላቸዋል።

ስድስት ባዶ ቦታዎች

አሁን አንድ አጭር መልመጃ እንሥራ። በሣጥኑ ውስጥ ያሉት «ዌክ አፕ» መቀስቀስ፣ «ስሮው አዌይ» መጣል፣ «ሉክ አፍተር» መንከባከብ፣ «ቴክ ኦፍ» ማውለቅ፣ «ፑት ኦን» መልበስ ወይም ማድረግ፣ «ፑት ኦፍ» ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ናቸው።

አንድ፦ «ዘ ቺልድረን አር ስሊፒንግ። ዶንት ____!» ልጆቹ ተኝተዋል። ከ«ዶንት» በኋላ ግሱ ሳይለወጥ ይቀመጣል፤ ስለዚህ የጊዜ ጣጣ የለም። ልጆቹ ብዙ ናቸውና ተውላጠ ስሙ «ዜም» ነው፤ ቦታውም መሐል ነው። መልሱ «ዌክ ዜም አፕ»።

ሁለት፦ «ዌር ኢዝ ማይ ኦልድ ጃኬት?» «አይ ____ የስተርደይ።» «የስተርደይ» ያለበት ዓረፍተ ነገር ሲምፕል ፓስት ይፈልጋል። «ስሮው» ደግሞ እንደ ሌሎቹ «ድ» የሚጨመርበት ግስ አይደለም፤ ያለፈ ጊዜው «ስሩ» ነው። መልሱ «ስሩ ኢት አዌይ»። «ሃቭ ስሮውን ኢት አዌይ» የጻፈ ቦታውን አግኝቶ ጊዜውን ስቷል፤ ትናንት የሚል የተቆረጠ ቀን ሲጠቀስ ፕረዘንት ፐርፌክት አይገባምና።

ሦስት፦ «ማይ ግራንድማዘር ሃዝ ቢን ኢል ሲንስ ጃንዋሪ። ማይ ሲስተር ____ ሲንስ ዜን።» አያት ከጃንዋሪ ጀምረው ታመዋል፤ እህትም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ትንከባከባቸዋለች። በአማርኛ «ከዚያን ጊዜ ጀምራ እየተንከባከበቻቸው ነው» ስለምንል፣ ብዙ ሰው «ኢዝ ሉኪንግ አፍተር ኸር» ብሎ በአሁን ጊዜ ይጽፋል። እንግሊዝኛ ግን «ሲንስ» ካለ ድርጊቱን ከመነሻው እስከ አሁን የሚይዝ ጊዜ ይጠይቃል። መልሱ «ሃዝ ቢን ሉኪንግ አፍተር ኸር» ነው። የግሱ ክፍል ወደ ሦስት ቃል ቢያድግም «አፍተር» እንደነበረ ነው፤ «ኸር»ም ከእርሱ በኋላ ነው።

አራት፦ «ሺ ____ ኸር ኮት ኤንድ ሳት ዳውን።» ካፖርቷን አውልቃ ተቀመጠች። «ሳት» ያለፈ ጊዜ ስለሆነ የእኛም ግስ አብሮት ያልፋል፦ «ቱክ ኦፍ»። ወጥመዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በአማርኛ «ካፖርቷን አወለቀችው» ማለት ይቻላል፤ ስሙም አለ፣ «ው»ም አለ። ይህን ልማድ ይዞ የሄደ ተማሪ «ቱክ ኢት ኦፍ ኸር ኮት» ይጽፋል። በእንግሊዝኛ ግን ስሙ ከተጠራ ተውላጠ ስም አይደገምም፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይወጣል። ስለዚህ ባዶ ቦታውን ከመሙላት በፊት ከባዶ ቦታው ቀጥሎ ያለውን ማንበብ ያስፈልጋል። ተሳቢው እዚያ ተጽፎ ከተገኘ ተውላጠ ስም አይጨመርም።

አምስት፦ «አይ ካንት ሲ ዊዝአውት ማይ ግላሲዝ፣ ሶ አይ ____ ኤቭሪ ሞርኒንግ።» ያለ መነጽሬ ስለማላይ በየጠዋቱ አደርገዋለሁ። «ኤቭሪ ሞርኒንግ» ልማድን ስለሚገልጽ ሲምፕል ፕረዘንት ነው። ተውላጠ ስሙ ግን «ኢት» አይደለም። ለእኛ መነጽር አንድ ዕቃ ነው፤ ለእንግሊዝኛ ግን ብዙ ቁጥር ነው። ሱሪም እንደዚሁ። መልሱ «ፑት ዜም ኦን» ነው። የ«ፑት» ያለፈ ጊዜም «ፑት» ራሱ ስለሆነ፣ ዓረፍተ ነገሩ ስለ ትናንት ቢሆን ኖሮም መልሱ አይለወጥም ነበር።

ስድስት፦ «ዘ ሚቲንግ ዛት ዜይ ____ ላስት ዊክ ኢዝ ቱደይ።» ባለፈው ሳምንት ያስተላለፉት ስብሰባ ዛሬ ነው። «ላስት ዊክ» ስላለ ያለፈ ጊዜ ነው፤ መልሱም «ፑት ኦፍ» ብቻ። እዚህም አማርኛ ያሳስታል። «ያስተላለፉት» በምንለው ቃል ውስጥ «ት» ስብሰባውን ያመለክታል፤ ይህን የለመደ «ፑት ኢት ኦፍ» ሊል ይችላል። በእንግሊዝኛ «ዛት» የሚለው ቃል ራሱ ስብሰባውን ስለሚወክል ሌላ ተውላጠ ስም ትርፍ ነው። ዓረፍተ ነገሩ «ዘ ሚቲንግ ____ ላስት ዊክ» ተብሎ «ስብሰባው ተላለፈ» የሚል ተደራጊ ቢሆንም ተውላጠ ስም አይገባም፦ «ወዝ ፑት ኦፍ» ብቻ ይሆናል። ተሳቢ የነበረው ስብሰባ ባለቤት ሆኖ ፊት ወጥቷልና።

ሲታረም የሚታየው

እነዚህን ስድስት መልሶች ያየ ሰው መሥሪያ ቅደም ተከተል ያገኛል። መጀመሪያ ጥንዱ በትርጉም ይመረጣል። ቀጥሎ ከጥንዱ ግሱ ብቻ ተነጥሎ፣ ትንሿ ቃል እንደሌለች ተቆጥሮ፣ ወደ ጊዜው ይለወጣል። ይህ ቁጥር አንዱን ስህተት ከሥሩ ይቆርጠዋል፤ «ስሮው»ን ብቻ ወደ ያለፈ ጊዜ የሚለውጥ ሰው «ስሮው አዌይድ» ሊል አይችልም። ከዚያ ተሳቢው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ በስም፣ በ«ዛት» ወይም በባለቤትነት አስቀድሞ መኖሩ ይታያል። ከሌለ ብቻ ተውላጠ ስሙ ይመረጣል፤ በመጨረሻም የማን እንደሆነ ተጠይቆ ቦታው ይሰጠዋል።

መልሱ ከተጻፈ በኋላ ለመፈተሽ ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ማየት ይበቃል። ትንሿ ቃል ላይ ምንም ነገር ከተለጠፈ ስህተት ነው፤ «አፕድ» እና «ኦፊንግ» የሚሉ ቅርጾች በዚህ ሥራ ውስጥ የሉም። ተውላጠ ስሙ መጨረሻ ላይ ከሆነ ደግሞ ከፊቱ ያለችው ቃል መስተዋድድ መሆኗ ይጠየቅ። ከ«ኢት» በፊት «አዌይ» ወይም «ባክ» ቆሞ ከተገኘ ያለ ጥርጥር ተገልብጧል። «አፕ» ወይም «ኦፍ» ከሆነ ሊገለበጥ እንደሚችል ተጠርጥሮ ይመርመር።

ይህ ጥንቃቄ በፈተና ላይ ዋጋው ከፍ ይላል። በካምብሪጅ «ቢ2 ፈርስት» ፈተና ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ትርጉሙ ሳይለወጥ በሌላ አባባል የሚጻፍበት ክፍል አለ፤ በባዶ ቦታው የሚገባው፣ የተሰጠው ቃል ተቆጥሮ፣ ከ2 እስከ 5 ቃል ነው። ፍሬዛል ቨርብ እዚያ የሚወደድ ጥያቄ ነው። «ሃድ ቱ ፑት ኢት ኦፍ» ሲጻፍ አምስቱ ቃላት ሞልተዋል፤ ያለ ቦታዋ የገባች አንዲት «ኢት» መልሱን ታበላሻለች።

ለማጥናትም መዝገበ ቃላት ራሱ መንገድ ያሳያል። ለተማሪ የተዘጋጁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ብዙ ጊዜ ጥንዱን ብቻውን አይጽፉትም፤ «ሳምቲንግ» ወይም «ሳምባዲ» የሚሉትን ቃላት አሳጥረው በተሳቢው ቦታ ያስገባሉ። ከግሱና ከትንሿ ቃል መሐል ከተቀመጡ ጥንዱ የሚነጣጠል ነው፤ ከመጨረሻ ከተቀመጡ የማይነጣጠል ነው። የሎንግማን መዝገበ ቃላት ደግሞ ስሙ በሁለቱም በኩል መግባት የሚችል ሲሆን ሁለት ጫፍ ባለው ቀስት ያመለክታል። ይህን ምልክት ሳያዩ ትርጉሙን ብቻ ቀድተው የሚሄዱ ብዙዎች ናቸው።

የግል ደብተርም በዚያው መልክ ቢያዝ ይሻላል። «ተርን ኦፍ፣ ማጥፋት» ተብሎ የተመዘገበ ቃል ትርጉሙን ይነግራል፣ ቦታውን ግን አይነግርም። «ተርንድ ኢት ኦፍ፣ አጠፋሁት» እና «ሉክት አፍተር ኸር፣ ተንከባከብኳት» ተብሎ የተመዘገበ ግን ጊዜውን፣ ተውላጠ ስሙንና ቦታውን አንድ ላይ ይዟል። በአማርኛው በኩል «ት» ከግሱ ጋር ተጣብቃ ትታያለች፤ በእንግሊዝኛው በኩል «ኢት» ከ«ተርንድ» አጠገብ ቆማለች። በዚህ መልክ ሃያ ጥንድ የመዘገበ ተማሪ መቶ ጥንድ በትርጉም ብቻ ከሸመደደው ይልቅ ባዶ ቦታውን በልበ ሙሉነት ይሞላል።